ነጭ ጀርባ በፎቶ ላይ ግራጫ ለሚሆንባችሁ

ለሽያጭ የምታቀርቡትን ዕቃ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ስታነሱት ፎቶው አመድማ ሆኖ ከወጣ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም። የስልክ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ነጭ የበዛበትን ምስል ራሱ ያጨልመዋል። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ ዕቃውን ተጭናችሁ ያዙት፤ ትኩረቱ ሲቆለፍ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወረቀቱ ነጭ እስኪመስል ድረስ ቀስ ብላችሁ ግፏት። የዕቃው ጠርዝ ከወረቀቱ ጋር መቀላቀል ከጀመረ አብዝታችኋልና ትንሽ መልሱት።

ብርሃኑ ከመስኮት፣ በዕቃው ጎን በኩል ይምጣ። የክፍሉን አምፖል ማጥፋት አትርሱ፤ አለበለዚያ የዕቃው አንዱ ወገን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህን በኋላ ማስተካከል ደግሞ እጅግ አሰልቺ ነው። ከመስኮቱ ትይዩ ሌላ ነጭ ወረቀት ብታቆሙ ብርሃኑን ስለሚመልሰው፣ ጥላ ውስጥ የነበረው የጥቁር ጫማ ጎን ስፌቱ ሳይቀር ይታያል።

ዕቃው ራሱ ነጭ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ተዉት። ጠርዙ ስለሚጠፋ ግራጫ ጨርቅ ይሻለዋል።