የዘገየ የልስን ሰብ ኮንትራክተርን ያንቀሳቀሰው ደብዳቤ

የልስን ሥራው ከውሉ 12 ቀን ዘግይቶ ሴራሚክ የሚያነጥፉት ልጆች ቆመው ነበር። መጀመሪያ ለሰብ ኮንትራክተሩ በየቀኑ ደወልኩ፤ መልሱ «ነገ ሰው እጨምራለሁ» ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስለ ቅጣት ብቻ የሚያወራ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ ነገሩን ወደ ክርክር ወሰደው። ስካፎልድ በእኛ ምክንያት 3 ቀን እንደዘገየበት አነሳ፤ እውነቱን ነው።

ውጤት ያመጣው ሁለተኛው ደብዳቤ ነው። ከመጻፌ በፊት የቀረውን ለካሁ፤ 960 ካሬ ሜትር ነበር። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦

«በሁለት ቡድን በቀን 80 ካሬ እየሠራችሁ ነው። በዚህ ከሄደ 12 ቀን ይፈልጋል፤ ያለን ግን 8 ቀን ነው። ስለዚህ በቀን 120 ካሬ፣ ማለትም ሦስት ቡድን ያስፈልጋል። የሰው ኃይልና የቁሳቁስ መርሐ ግብራችሁን በ2 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ላኩልን። በ4ኛው ቀን 480 ካሬ መድረሱን አብረን እንለካለን። እስካሁን ከዘገያችሁት 12 ቀን ላይ በእኛ ምክንያት የዘገየው 3 ቀን ተቀንሷል። ለቀሪው 9 ቀን፣ በውላችን መሠረት በቀን 0.1 በመቶ፣ እስካሁን 0.9 በመቶ ቅጣት አለ። ይህን የመጠየቅ መብታችን እንደተጠበቀ ነው።»

በማግስቱ ዕቅዱን ላከ። ሦስተኛው ቡድንም ገባ። በ4ኛው ቀን ስንለካ 470 ካሬ ደርሷል። የ3ቱን ቀን ባልቀንስ ኖሮ አሁንም ስለ ስካፎልድ እየተከራከርን ነበር።