ለባለሀብቶች ራስን በ60 ሰከንድ ማስተዋወቅ

በባለሀብቶች ፊት የምትቀርብ መሥራች በትምህርት ማስረጃዋ ከጀመረች፣ ድርጅቷ ሳይነሳ ግማሹ ደቂቃ ያልቃል፤ በረጋ አነጋገር በ60 ሰከንድ የሚነገረው ከ100 ቃላት ብዙም አይበልጥምና። ስለ ራሷ የምትናገረው ችግሩን ከቅርብ እንደምታውቀው የሚያሳየውን ብቻ ይሁን። ለምሳሌ የጣናን ዓሣ ለባሕር ዳር ሆቴሎች የምታቀርብ ሴት፣ ስሟን ከተናገረች በኋላ እንዲህ ልትቀጥል ትችላለች፦ «እናቴ ዓሣ ነጋዴ ስለነበረች፣ እስከ ቀትር ያልተሸጠ ቆሮሶ ሲጣል እያየሁ አደግሁ። ድርጅቴ ዓሣውን ጎህ ሲቀድ ከአስጋሪዎች ተረክቦ፣ በበረዶ ሣጥን አሽጎ፣ ረፋድ ላይ ለሆቴሎች ያደርሳል፤ ዛሬ ስድስት ሆቴሎች በየሳምንቱ ይከፍሉናል።» በእኔ እምነት ከሁሉም የምትመዝነው የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። ነገር ግን «እንገዛለን» ብለው ቃል የገቡትን ከሚከፍሉት ጋር ደባልቃ ከቆጠረች፣ ባለሀብቶቹ ደረሰኝና ውል ሲጠይቁ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።