ገጠመኝ አለ፣ ሰው ግን የለበትም፦ በማሽን የተረቀቀ ጽሑፍ ሲደርቅ

በማሽን፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያስረቀቃችሁትን ጽሑፍ የፊደል ግድፈት ለቅማችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ልነሳ። ጽሑፉ ስሕተት የለበትም፤ ማን እንደጻፈው ግን አይታወቅም።

ምልክት፦ አንባቢውን አንዴ «አንተ»፣ አንዴ «እርስዎ» ይላል። ማሽኑን ረቂቁን በአንዴ ሳይሆን በቁርጥራጭ ስለጠየቃችሁት ነው። አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው አስተካክሉ።

ምልክት፦ ሁሉም ዓረፍተ ነገር እኩል ይራመዳል። የየዓረፍተ ነገሩን የመጨረሻ ቃል ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ነው፣ ነው፣ ይጫወታል፣ ነው። ግሱ ስም ሆኖ ተቀብሯል፤ «ውሳኔ ላይ የመድረስ ሂደት ነበር» የሚለውን «ወሰንኩ» በሉት። አደራ፣ በአራት ነጥብ እየቆራረጣችሁ ምት አመጣን እንዳትሉ። እኩል የተከተፈ ያው እኩል ነው።

ምልክት፦ ገጠመኝ አለ፣ ሰው የለበትም። ለእርማት ከሚመጡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ የሚታመሙት በዚህ ነው። አንዲት ነርስ ያመጣችልኝ እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያዋ የሌሊት ፈረቃዬ ትዕግሥትን ብቻ ሳይሆን የቡድን ሥራን አስፈላጊነት ጭምር ያስተማረችኝ የማትረሳ ተሞክሮ ነበረች።»

መንስኤው ግልጽ ነው። ማሽኑ እዚያ ሌሊት አልነበረም፤ ከገጠመኙ በፊት ትምህርቱን ይጽፋል። ብዙዎች ታዲያ «ሰው የጻፈው አስመስልልኝ» ብለው መልሰው ይሰጡታል። ይህን አታድርጉ! ያልሆነ ታሪክ ፈጥሮ ይሰጣችኋል፣ እናንተም ፊርማችሁን ታኖሩበታላችሁ። የአንድ ደንበኛዬን በሕይወት ያሉ አያት በረቂቁ ውስጥ ሞተው አግኝቻቸዋለሁ። እሱ አላነበበውም።

መፍትሄው ረቂቁን ዘግቶ ማውራት ነው። ነርሷን «ያን ሌሊት እግርሽ ምን አደረገ?» አልኳት። ስለ ስሜት ስትጠይቁ ያው የማሽኑን መልስ ነው የምታገኙት፤ ስለ እጅና እግር ጠይቁ። ሳቀች። ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ አስወራኋት፣ ከዚያ የተናገረችውን ብዙም ሳንነካ ጻፍነው፦

«የመጀመሪያዋን ሌሊት በካልሲ ነው ያደርኩት። ጫማዬ ይጮሃል፣ በሽተኞቹን እንዳልቀሰቅስ ፈርቼ አውልቄ በር ሥር ተውኩት። ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ የነበሩት አዛውንት ግን ለካ አልተኙም። ‹ልጄ፣ ይበርድሻል› አሉኝ።»

ረጅሙ ዓረፍተ ነገር የረዘመው ስትናገር እዚያ ላይ ስለተጣደፈች ነው፤ አጭሩም ያጠረው ዝም ስላለች። ምት ከዚያ ይቀዳል።

በማሽኑ ረቂቅ ላይ ቀጥሎ የነበረውን ስለ ትዕግሥት የሚያወራ አንቀጽ ሰረዝነው። ቅር አላት፣ «ረጅም ነበር እኮ» አለች። በማግስቱ ደግሞ ደወለችልኝ፤ አልጋው ሰባት ይሁን ስምንት እርግጠኛ አይደለችም። ቁጥሩን አውጥተን «በመስኮቱ በኩል የተኙት» አልን፤ መስኮቱን ታስታውሳለች።