አራስ ልጅን በጨርቅ ደረት ላይ ማዘል፦ ትንፋሹና ዳሌው እንዳይጎዳ

አራስ ልጅ በማዘያ ውስጥ ሲታፈን አይጮህም። አብዛኛውን ጊዜ የተኛ ነው የሚመስለው። ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጸናም፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብና ለስላሳ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ሲጣበቅ ቧንቧው ይታጠፋል፤ አፍንጫው ባይሸፈን እንኳ አየር ያጥረዋል። ቀና እንዳይል ደግሞ አቅም የለውም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ በ20 ዓመት ውስጥ ከማንገቻ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ሞቶች መታወቃቸውን ገልጾ ነበር። ከሟቾቹ 12ቱ ከ4 ወር በታች ነበሩ።

ስለዚህ እዚህ የምናየው በዚህ ዕድሜ ያለን ልጅ በረጅም ተለጣጭ ጨርቅ፣ ፊቱን ወደ አዛዩ አድርጎ ማዘልን ነው። ዘለበት ያለው ማዘያ ቢጠቀሙም ፍተሻው ያው ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

1. ጨርቁን ልጁ ሳይገባ ያጥብቁት። መሃሉን ሆድዎ ላይ ያድርጉ፤ ሁለቱን ጫፎች ከኋላ አጣምረው በትከሻዎ ወደ ፊት ያምጡ፣ ሆድዎ ላይ ባለው ጨርቅ ስር ያሳልፉና እንደገና አጣምረው ይቋጥሩ። ገላዎ ላይ እንደ ጠባብ ልብስ ሊያርፍ ይገባል። ተለጣጭ ጨርቅ ልጁ ሲገባበት ስለሚረግብ፣ ገና ባዶውን የላላ ጨርቅ በኋላ ካልተፈታ አይስተካከልም።

2. ልጁን ያስገቡና ያስቀምጡት። ትከሻዎ ላይ ከፍ አድርገው ይያዙት፤ እግሮቹን በተጣመሩት ሁለት ጨርቆች ውስጥ አንድ በአንድ ያሳልፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጨርቅ ከአንዱ ቋንጃ እስከ ሌላው ቋንጃ ይዘርጉት። ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ይበሉ፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው ይከፈቱ።

ይህ አቀማመጥ ለምቾት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የዳሌው ጎድጓዳ ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት ነው፤ የጭኑ አጥንት ራስ ጎድጓዳው መሃል በተቀመጠ ቁጥር ጎድጓዳው ዙሪያውን ይዞት ያድጋል። እግሮቹ ተገጥመውና ተዘርግተው ለረጅም ሰዓት ሲንጠለጠሉ ግን የአጥንቱ ራስ ወደ ውጭ ይገፋል። ያም ሆኖ እግሮቹን በግድ አይክፈቱ፤ አራስ ልጅ የሚከፍተው በጠባቡ ነው፣ ሲያድግ ይሰፋል። አንዱ ጭን ከሌላው ባነሰ የሚከፈት ከሆነ ወይም አንዱ እግር ያጠረ ከመሰለ ማዘያው አያስተካክለውም፤ ሐኪም ይየው።

3. ትንፋሹን ይፈትሹ። ጎንበስ ብለው ግንባሩን መሳም ካልቻሉ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይዎት፤ ጨርቅም ጡትም አይሸፍነው። ከዚያ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ያስገቡ፣ ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። በመጨረሻ መዳፍዎን ጀርባው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑ። በዚህ ጊዜ ወደ እርስዎ ከተጠጋ ጨርቁ ላልቷል፤ የላላ ጨርቅ ጀርባውን ስለሚያጎብጠው አገጩ ይወድቃል።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። የሁለት ወር ልጅ እንዲጠባ ዝቅ ተደርጎ፣ ጠብቶ እዚያው ተኛ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፀጉሩ ከከንፈርዎ ርቋል፣ በአገጩ ስር የሚገባውም አንድ ጣት ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጭንቅላቱን ብቻ ቀና ያደርጋል፤ ግን ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው ከታች ነው። በመቀመጫው ስር ደግፈው ወደ ላይ ያንሱት፣ ዳሌውን ወደ ራስዎ አዙረው ጉልበቶቹን ከፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ፈትተው ጨርቁን እንደገና ያጥብቁ። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን መልሰው ጉንጩን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ። ቢነቃ ይንቃ።

በእንቅልፉ ወቅት በየጥቂት ደቂቃው ይመልከቱት። እንደ ማቃሰት ወይም ማፏጨት ያለ ድምፅ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ መስፋት፣ የጎድን አጥንት መሃል ወደ ውስጥ መግባት፣ የከንፈር መጥቆር ወይም የገላ መዝለፍለፍ ካዩ ለማስተካከል አይሞክሩ። ወዲያው አውጥተው ጠንካራ ቦታ ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ጭንቅላቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳይታጠፍ ቀጥ ይበል። የሚተነፍስ ከሆነም ሐኪም ይየው። የማይተነፍስ ከሆነ የድንገተኛ ሕክምና ሰው እንዲጠራ ጮኸው፣ አፍዎን በአፉና በአፍንጫው ላይ ገጥመው ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ ብቻ ቀስ ብለው ይንፉ፤ ከዚያ በስልክ የሚሰጥዎትን መመሪያ ይከተሉ።