የድሮ የሠርግ ካሴት ወደ ፋይል ስትገለብጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የምትኖረው አክስቴ በ1989 ዓ.ም. የተቀረጸ የሠርጓን ቪኤችኤስ ካሴት አምጥታ «ልጆቹ ስልካቸው ላይ እንዲያዩት አድርግልኝ» አለችኝ። ካሴቱ ለዓመታት ቁምሳጥን ታች ተኝቶ ነበር። በሷ ካሴት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ሳያዩ ዴክ ውስጥ መክተት

ባሕር ዳር ላይ ክረምት ሲገባ ከጣና የሚመጣው እርጥበት ልብስም ጫማም ያሻግታል። ካሴትም እንደዚያው ነው። በካሴቱ መስኮት በኩል የተጠቀለለውን ክር በባትሪ እዩት። ጥቁርና አንጸባራቂ መሆን አለበት። የአክስቴ ካሴት ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ነበረው። ሻጋታ ነው። እንዲህ ሆኖ ከተጫወተ ክሩን የሚያነበውን የዴኩን ሄድ ይደፍናል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ካሴትም ይበክላል።

መጀመሪያ ክዳኑ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ከእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር (አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸው) ሁለት ሳምንት አቆየሁት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ክሩ ይጣመማል። ከዚያ አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ ደጅ ወጣሁ። ከሥር ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈትቼ የጥቅሉን ጠርዝ ብናኝ በማይተው ደረቅ ጨርቅ ቀስ ብዬ ጠረግኩ።

ሄዱን በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ መፈተግ

ጥጡ የሄዱን ጫፍ ይይዝና ይሰብረዋል። ንጹህ ነጭ ወረቀት ቆርጣችሁ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡ። ዴኩን ከመብራት ነቅላችሁ ወረቀቱን ሄዱ የተገጠመበት ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ሳትጫኑ አስደግፉት። ከዚያ ወረቀቱን ሳታንቀሳቅሱ ከበሮውን ከላይ በጣት አሽከርክሩ። ወደላይና ወደታች በፍጹም አትሹ።

ቅንብሩን እንደመጣ መተው

ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በዩኤስቢ የሚሰካውን መቅረጫ ይገዛል፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱን ከዴኩ ያገናኛል፣ አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ከፍቶ መቅዳት ይጀምራል። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ፋይሉ 640×480 ሆኖ ወጣ። እስክስታው ሲጀመር የሴቶቹ ትከሻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጠቀ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እዚህ አገር የተቀረጸ ካሴት በአብዛኛው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ነው። በፓል አንዱ ምስል 576 መስመር አለው፤ ግን በአንድ ጊዜ አይሳልም። መጀመሪያ ግማሹ መስመር፣ ቀጥሎ በመካከል የተዘለለው ግማሽ ይመጣል። በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ማለት ነው። በሁለቱ ግማሾች መካከል ትከሻው ቦታ ቀይሯል። 576ቱ መስመር ወደ 480 ሲጨመቅ ሁለቱ ግማሾች ይደባለቃሉ፤ ከዚያ በኋላ መለየት አይቻልም። ያለው አማራጭ እንደገና መቅዳት ብቻ ነው።

ስለዚህ VirtualDub በሚባል የመቅጃ ፕሮግራም ላይ `PAL_B`፣ 720×576 እና በሰከንድ 25 ምስል መረጥኩ። መጭመቂያውን ደግሞ ምንም ነገር የማይቀንሰው `Huffyuv` አደረግኩት። ምስሉን «አለስልስ» የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ከሆነ ግን ኤንቲኤስሲ የሚባለው የአሜሪካው ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ እሱ 720×480 ነው፣ ዴኩም የሚያነበው መሆን አለበት።

በዚህ አቀዳድ አንድ ሰዓት ወደ 30 ጊጋ ይፈጃል። ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በFAT32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም፣ ስምንት ደቂቃ አካባቢ ላይ ይቆማል። NTFS አድርጉት።

ትልቁን ፋይል በጥድፊያ ማሳነስ

ለስልክ የሚሆነውን ከትልቁ ፋይል ላይ ffmpeg በሚባል ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ አወጣሁት፦

```
ffmpeg -i serg.avi -vf bwdif=mode=1:parity=tff -aspect 4:3 -c:v libx264 -crf 18 -pix_fmt yuv420p -c:a aac -b:a 192k serg.mp4
```

`mode=1` እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ምስል ይቀይረዋል፤ በሰከንድ 50 ምስል ታገኛላችሁ። በሰከንድ 25 ብቻ ካስቀራችሁ ማበጠሪያው ይጠፋል፣ ነገር ግን የእንቅስቃሴው ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ለእስክስታ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ሰው ሲራመድ ወደፊት ወደኋላ የሚንገጫገጭ ከሆነ የሁለቱ ግማሾች ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው፤ `tff`ን በ`bff` ቀይሩት።

ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ደቂቃ ሳታዩ «አለቀ» አትበሉ። ጭብጨባው መጀመሪያ ላይ ከእጁ ጋር ገጥሞ መጨረሻ ላይ ከዘገየ ኮምፒውተሩ ምስል እየጣለ ነበር። የተጣለው ብዛት ሲቀዳ VirtualDub ላይ ይታያል። የአክስቴ መጀመሪያ 212 ነበር። ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ዘግቼ፣ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ቀይሬ ስቀዳ 3 ብቻ ሆነ።

ካሴቱን አልጣልነውም። ክሩን እስከ መጀመሪያው ጠቅልዬ፣ እርጥበት መጣጩን ጨምሬ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። ትልቁ ፋይል አንዱ ቅጂ እኔ ዘንድ፣ ሌላው አዲስ አበባ ያለው ልጇ ዘንድ ነው። አክስቴ ስልኩን ተቀብላ እስክስታው ጋ ስትደርስ አቆመችው፣ መልሳ አጫወተችው። «እማዬ ናት፣ ትከሻዋን እይ» አለችኝ።