ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ «ውሃ አልገባም» ሲል፦ ኮዱን ማንበብና ራስዎ የሚያስተካክሉትን ለባለሙያ ከሚተዉት መለየት

በልብስ ማጠቢያ ማሽን ማሳያ ላይ የሚወጣው ባለ ሁለት ፊደል ኮድ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም፤ የሚናገረው ማሽኑ ምን ጠብቆ ምን እንዳጣ ነው። በኤልጂ ማሽኖች IE፣ በሳምሰንግ ደግሞ 4E ወይም 4C የሚለው ምልክት፣ ማሽኑ የውሃ ማስገቢያውን ከፍቶ ውሃው በተመደበለት ጊዜ ውስጥ ከሚፈለገው ልክ ሳይደርስ መቅረቱን ያመለክታል። ጥፋቱ ከማሽኑ ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ በየተራ በሚመጣ ውሃና በሮቶ በሚኖር የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቤት ከማናቸውም ኮድ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ኮዱን ሲያነቡ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ ማሳያው ፊደላትን በጥቂት ሰረዞች ስለሚሠራቸው 5 እና S አይለዩም፤ በሳምሰንግ SE መስሎ የሚታየው 5E ሲሆን፣ ትርጉሙም ውሃው አልወጣም እንጂ አልገባም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ኮድ በሁሉም ማሽን አንድ ትርጉም የለውም፦ LE በኤልጂ የሞተር ችግር ሲሆን በብዙ የሳምሰንግ ማሽኖች ግን የውሃ መፍሰስን ይመለከታል። ስለዚህ በበሩ ጠርዝ ወይም በጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አይተው ከራሱ መመሪያ ላይ ያመሳክሩ።

የውሃ መግቢያ ኮድ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ማሽኑን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉና አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው መልሰው ይሞክሩ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጣ ኮድ ከሆነ በዚህ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ተመልሶ ከመጣ ግን ሶኬቱን እንደገና ነቅለው ቧንቧውን ይዝጉ፤ ከማሽኑ ጀርባ የገባውን ጎማ ፈትተው ጫፉን 10 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ ያስገቡና ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ። ከማዕድ ቤት ቧንቧ መሞከር አይበቃም፤ መለካት ያለበት በራሱ በማሽኑ ጎማ የሚያልፈው ውሃ ነው። ባልዲው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከሞላ ውሃው ይበቃል፤ አምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ከፈጀ ግን ማሽኑን መክሰስ አይገባም።

ጎማው ተፈትቶ ሳለ በማስገቢያው አፍ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ወንፊት ይመልከቱ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ከመስመሩ ይዞት የሚመጣው ጭቃና ዝገት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። መሃሏን በፒንሳ በቀስታ ይዘው ይሳቡ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ፣ መልሰው ይግጠሙ። ወንፊቷን አውጥቶ መተው ለጊዜው ውሃውን ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን ደለሉ የውሃ ማስገቢያውን በሚከፍተውና በሚዘጋው ቫልቭ ውስጥ ገብቶ እንዳይዘጋ ስለሚያደርገው ትልቁን ወጪ ያመጣል። ጎማውን ሲመልሱ ጎሚኒው በቦታው መኖሩን አይተው በእጅ ያጥብቁ።

ከጦሳ ተራራ ሥር ባለ አንድ የደሴ ቤት ያየሁት ጉዳይ ሁለቱንም ምክንያት በአንድ ላይ የያዘ ነበር። ማሽኑ የውሃ መግቢያ ኮድ ደጋግሞ ሲያወጣባቸው የቤቱ እናት፣ ቫልቩ ይቀየር ወደሚል ውሳኔ ደርሰው ነበር። ወንፊቷ ቀላ ባለ ጭቃ ተደፍና ስለተገኘች ታጠበች፤ ከዚያ በኋላ የመስመር ውሃ በመጣ ቀን ማሽኑ ያለ እንከን አጠበ፣ ውሃው ሄዶ ሮቶው ሲተካው ግን ኮዱ ተመለሰ። በባልዲ ሲለካ የመስመሩ ውሃ አንድ ደቂቃ ገደማ፣ የሮቶው ግን ስድስት ደቂቃ ፈጀ። በሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከማሽኑ ማስገቢያ የሚበልጠው 3 ሜትር ብቻ ነበር፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ እርሳቸው የነበራቸው 0.3 ባር ነው፣ የማሽኑ መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 0.5 ባር ይጠይቃል። ከሮቶው መውጫ ላይ ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሳ ትንሽ ፓምፕ ተገጠመ፣ ቫልቩም ሳይነካ ኮዱ ቀረ። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሮቶው ባዶ ሆኖ እንዳይሠራ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያለ ውሃ ከዞረ ይቃጠላል።

ባልዲው በፍጥነት ከሞላ፣ ወንፊቷም ከጸዳች፣ ኮዱ ግን ካልጠፋ ጉዳዩ ከእርስዎ እጅ ወጥቷል። ከዚያ በፊት ግን ሙቅና ቀዝቃዛ ማስገቢያ ያለው ማሽን በቀዝቃዛው ብቻ ተገናኝቶ ሙቅ ፕሮግራም ተመርጦ እንዳይሆን ይዩ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ጆሮዎን ወደ ጀርባው ያቅርቡ፦ እዝዝ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ውሃ ካልገባ የሚጠረጠረው ቫልቩ ነው፤ ድምፅም ከሌለ ወደ ቫልቩ የሚሄደው ሽቦ፣ የቫልቩ ጥቅል ወይም ቦርዱ ነው፤ ውሃው እየገባ ኮዱ ከወጣ ደግሞ የውሃ ልክ የሚለካው ክፍል ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ውሃ ወደ ውስጥ ከገባ ቫልቩ አልዘጋ ብሏልና ቧንቧውን ወዲያው ይዝጉ፣ ባለሙያው እስኪመጣም አይክፈቱት። ለባለሙያው ሲደውሉ የሞዴሉን ቁጥር፣ ኮዱን፣ ባልዲው የፈጀውን ደቂቃና የሰሙትን ድምፅ ይንገሩት፤ ይህን ከሰማ የትኛውን ዕቃ ይዞ መምጣት እንዳለበት ሊገምት ይችላል።