ሁለት ባትሪ ያለበት ሰርኪት ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ቅዳሜ ማታ እዚሁ ጎንደር ማራኪ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ እኛ ቤት መጣች፣ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት፣ ፊዚክስ እየወሰደች ነው። «ጋሼ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሌላ መልስ ነው የሚመጣልኝ» አለችኝ። ደብተሩን ሳገላብጠው ሂሳቧ ንጹህ ነው፣ አንድም የማባዛት ስህተት የለበትም፣ የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው እኩልታውን ስትጽፍ ነው። የኪርቾፍ ሕግ ላይ የሚወድቅ ተማሪ አብዛኛው እንደዚህ ነው የሚወድቀው፣ ስለዚህ የሷን ጥያቄ ይዤ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ወረቀት ያዙና ሳሉት። ላይ A የምትባል መገናኛ አለች፣ ታች B አለች፣ በሁለቱ መሀል ሦስት መንገድ አለ። በግራው መንገድ 12 ቮልት ባትሪና 2 ኦም ሬዚስተር፣ በቀኙ 6 ቮልት ባትሪና 2 ኦም ሬዚስተር፣ በመሀለኛው 8 ኦም ሬዚስተር ብቻ። የሁለቱም ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ A ነው የዞረው። የሚፈለገው በየመንገዱ የሚያልፈው ከረንት ነው። I1 በግራ ወደ A ይወጣል፣ I2 በቀኝ ወደ A ይወጣል፣ I3 በመሀል ወደ B ይወርዳል ብለን እንነሳ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ባትሪዎቹን መደመር

መጀመሪያ የሠራችው 12 እና 6 ደምራ 18 አለች፣ ሁለቱን 2 ኦም ፓራለል ናቸው ብላ 1 ኦም አደረገቻቸው፣ 18 ለ 9 ስታካፍል 2 አምፔር መጣላት። ሁለቱ 2 ኦሞች ግን ፓራለል አይደሉም እኮ፣ ምክንያቱም ፓራለል የሚባሉት ሁለቱም ጫፋቸው በቀጥታ ሲገናኝ ነው፣ እዚህ ግን በየመንገዳቸው ባትሪ ገብቶባቸዋል። ባትሪዎቹም የሚደመሩት በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ሲቀመጡ ብቻ ነው። መንገዱ የተለያየ ከሆነ በቃ ማሳጠሪያ የለውም፣ ወደ ኪርቾፍ ነው።

ሁለተኛው፦ ሉፕ ብቻ መሰብሰብ

የማይታወቁት ሦስት ናቸው፣ ስለዚህ ሦስት እኩልታ ያስፈልጋል፣ እሷም ሦስት ሉፕ አገኘች፦ የግራው፣ የቀኙ፣ ዙሪያውን ያለው ትልቁ። ሦስቱን ጻፈችና ስትፈታ 0 = 0 ላይ ቆመች። ትልቁ ሉፕ እኮ አዲስ ነገር አይናገርም፣ ከግራው ላይ የቀኙን ስትቀንሱ የሚመጣው ራሱ ነው። ሁለት ሉፕ በቂ ነው፣ ሦስተኛው ከመገናኛ መምጣት አለበት። መገናኛም ላይ ያው ነው፣ A ላይ ከጻፋችሁ B ላይ መጻፍ ያንኑ መድገም ነው።

ፒያሳ አደባባይ ላይ ቁሙና ባጃጆቹን እዩ፣ የገባ ሁሉ በአንዱ መንገድ ይወጣል፣ አደባባዩ ላይ ተጠራቅሞ የሚቀር የለም። A ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፦

I1 + I2 = I3

ሦስተኛው፦ የባትሪውን ምልክት ከከረንቱ ጋር ማያያዝ

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሌላ ጊዜ ስትሠራው 6 ቮልቱ ደካማ ነው፣ 12ቱ ያሸንፈዋል፣ ስለዚህ I2 ወደ ታች ነው የሚሄደው ብላ አሰበች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ የመገናኛውንም I1 = I2 + I3 ብላ በትክክል ጻፈች። ከዚያ ግን ከ B ተነስታ በቀኝ በኩል ወደ A ስትወጣ «ከረንቱ ባትሪውን እየተቃወመ ነው» ብላ 6ቱን ኔጌቲቭ አደረገችው። በዚህ የተነሳ I1 = 4.67፣ I2 = 4.33፣ I3 = 0.33 መጣላት።

እኔ የነገርኳት እንዲህ ነው። ሬዚስተር እንደ ቀሃ ወንዝ ነው፣ ውሃው ሁሌ ወደ ቁልቁለት ነው የሚሄደው፣ ከውሃው ጋር ከሄድሽ ትወርጃለሽ፣ ከውሃው ተቃራኒ ከሄድሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ ሬዚስተር ላይ ከከረንቱ ጋር ስትሄዱ −IR፣ በተቃራኒው ስትሄዱ +IR። ባትሪ ግን እንደ ደረጃ ነው፣ ደረጃው በየት በኩል ውሃ እንደሚፈስ አያገባውም፣ ከታች ከመጣሽ ያወጣሻል፣ ከላይ ከመጣሽ ያወርድሻል። ከኔጌቲቭ ገብታችሁ በፖዘቲቭ ከወጣችሁ ፕላስ፣ በፖዘቲቭ ገብታችሁ በኔጌቲቭ ከወጣችሁ ማይነስ፣ የከረንቱን ቀስት ማየት እንኳ አያስፈልግም። አንድ ሉፕ ዞራችሁ ስትጨርሱ የቮልቴጁ ድምር ዜሮ የሚሆነውም ከፒያሳ ወደ ጎሃ ወጥታችሁ በፈለጋችሁት መንገድ ብትመለሱ መጨረሻ ላይ ያው ከፍታ ላይ ስለምትቆሙ ነው።

ስህተቱ በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ ከ B እስከ A ያለውን ቮልቴጅ በሦስቱም መንገድ አስሉት። በሷ መልስ በግራ 12 − 2 × 4.67 ወደ 2.67 ቮልት ይሰጣል፣ በመሀልም 8 × 0.33 ያው ወደ 2.67 ነው፣ በቀኝ ግን 6 + 2 × 4.33 = 14.67 ይመጣል። አንድ ነጥብ ሁለት ከፍታ ሊኖረው አይችልም፣ ስለዚህ የተበላሸው የቀኙ እኩልታ ነው ማለት ነው።

አራተኛው፦ ማይነስ ሲመጣ መደንገጥ

አሁን መጀመሪያ ባስቀመጥናቸው ቀስቶች እንሥራው። የግራው ሉፕና የቀኙ ሉፕ እነዚህ ናቸው፦

12 − 2·I1 − 8·I3 = 0
6 − 2·I2 − 8·I3 = 0

በ I3 ቦታ I1 + I2 ስታስገቡ 10·I1 + 8·I2 = 12 እና 8·I1 + 10·I2 = 6 ይሆናል፣ ሲፈታ I1 = 2 አምፔር፣ I2 = −1 አምፔር።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ተሳስቻለሁ ብሎ ሁሉንም ሰርዞ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሌላው ማይነሱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛዋ ነበረች፣ I2ን 1 ብላ I3 = 2 + 1 = 3 አደረገችው። ታዲያ 3 አምፔር በ 8 ኦም ሲባዛ 24 ቮልት ነው፣ 12 ቮልት ባትሪ ከየት አምጥቶ ነው 24 የሚሰጠው?

ማይነሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀስቱ የተገላቢጦሽ ነበር። ሂሳቡ እስኪያልቅ ግን ቀስቱንም ማይነሱንም አትንኩ፣ በየእኩልታው −1 ብላችሁ አስገቡት፣ I3 = 2 + (−1) = 1 አምፔር። መጨረሻ ላይ ብቻ «I2 1 አምፔር ነው፣ ወደ ታች ይሄዳል» ብላችሁ ጻፉ። ግማሹን በአሮጌው ቀስት፣ ግማሹን በአዲሱ መሥራት ነው የሚያበላሸው።

ደግሞ ይሄ ማይነስ ወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም፣ በፖዘቲቩ በኩል ከረንት የሚገባበት ባትሪ ቻርጅ እየተደረገ ነው ማለት ነው። ባትሪው የሞተበትን መኪና ከሌላ መኪና በኬብል ሲያስነሱ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሞተር ከመቀስቀሱ በፊት ትንሽ ጠብቅ የሚሉት ለዚህ ነው፣ ደካማው ባትሪ ከጠንካራው እየተቀበለ ነው። እዚያ ግን ሁለቱም 12 ቮልት መሆን አለባቸው፣ የኛን 12 እና 6 ያለ ሬዚስተር በኬብል ብቻ አገናኝታችሁ በእውነተኛ ባትሪ እንዳትሞክሩት፣ የትንሹ ባትሪ ውስጣዊ ሬዚስታንስ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚገባበት ከረንት በ1 አምፔር አይቆምም፣ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

በመጨረሻ መልሱን በሁለት መንገድ ፈተሽነው። በግራ 12 − 4 = 8፣ በቀኝ 6 + 2 = 8፣ በመሀል 8 × 1 = 8 ቮልት፣ ሦስቱም ገጠሙ። ቀጥሎ ፓወር፦ 12 ቮልቱ 2 አምፔር ሲሰጥ 24 ዋት ያወጣል፣ ከዚህ ውስጥ የግራው ሬዚስተር 8፣ የቀኙ 2፣ የመሀለኛው 8 ይወስዳሉ፣ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪ ደግሞ 6፣ ድምሩ 24። የአክስቴ ልጅ ይቺን የመጨረሻ ድምር በእርሳስ አክብባ ደብተሯን ዘጋች።